ያለ አስተርጓሚ የሚገቡ የስክሪን ጨዋታዎች

በከተሞቻችን፣ በመናኸሪያዎች አካባቢና በትምህርት ቤቶች አጥር ዙሪያ የሚገኙት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ከትምህርት መልስ በልጆች ይሞላሉ። አብዛኞቹ ልጆች የሚጫወቱት እግር ኳስ ነው። ጌሙ ሲከፈት በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው፤ የቡድን ምርጫውም፣ አሰላለፉም፣ የተንታኙ ድምፅም እንዲሁ። ይሁን እንጂ የእንግሊዝኛ ፊደላትን ገና በመለየት ላይ ያለ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ጎል ያስቆጥራል፣ ተጫዋች ይቀይራል፣ ፍጹም ቅጣት ምት ይመታል። ማንም አልተረጎመለትም። የእግር ኳስን ሕግ ከሜዳ ይዞት ስለመጣ ጌሙ በቃል ሊነግረው የሚገባው ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

ያው ልጅ በማግሥቱ ረጅም ታሪክ ያለው የጀብዱ ጌም ቢከፈትለት ግን በአሥር ደቂቃ ውስጥ መንገዱ ይዘጋበታል። አንድ ሽማግሌ ቀርቦ በጽሑፍ ያነጋግረዋል፤ ከወንዙ ማዶ ካለው ጎተራ ቁልፍ እንዲያመጣ ያዘዋል። ልጁ ሽማግሌውን ያያል፣ ወንዙንም ያያል፤ የተባለውን ግን አያውቅም። ወዲያና ወዲህ ተመላልሶ ሲሰለቸው መጫወቻውን ለጓደኛው ይሰጣል። አጠገቡ ያሉትም ሆነ እርሱ ራሱ «አልቻለም» ብለው ያልፉታል። ያልቻለው ግን ማንበብን እንጂ መጫወትን አይደለም። ጌሙ የተሠራው አንባቢን አስቦ ነው።

እነዚህን ሁለት ጌሞች የሚለያቸው የጽሑፉ ብዛት ብቻ አይደለም። በእግር ኳሱም ጌም ጽሑፍ ሞልቷል። ልዩነቱ ተጫዋቹ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቀው ከጽሑፉ ነው ወይስ ከሚያየው ነገር ነው የሚለው ነው። በገበያ ቀን ጥላ ሥር ቁጭ ብለው በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ሰዎች ሕጉን ከመጽሐፍ አንብበው አልተማሩትም። ገበጣም ቢሆን ሲጫወቱ በማየት፣ ተሳስቶ በመሸነፍና ደግሞ በመግጠም የሚለመድ ነው። ያለ ቃል የሚገባ ጌም የሚባለውም ይህንኑ የማየትና የመሞከር መንገድ በስክሪን ላይ ማዘጋጀት የቻለ ነው። ልዩነቱ በዳማው አጠገብ ስሕተትን የሚያርም ሰው መኖሩ ነው፤ በስልክ ላይ ግን አራሚውም ጌሙ ራሱ መሆን አለበት።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ በግልጽ የሚያሳየው የቆየ ምሳሌ ከጃፓን የመጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ነው። ኔንቴንዶ የተባለው ኩባንያ ጌሙን ያወጣው እ.ኤ.አ በ1985 ሲሆን የነደፉት ሽገሩ ሚያሞቶና ታካሺ ቴዙካ ናቸው። ከ40 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጧል። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ብዙም የማይነገርለት ሌላ እውነታ ነው፤ በጃፓን ለጃፓናውያን ልጆች በተሸጠው ቅጂ ላይ እንኳ በስክሪኑ የሚታዩት ቃላት የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነበር። እንግሊዝኛ የማያነቡት ልጆች ግን አልተቸገሩም። ምክንያቱ የመጀመሪያው ምዕራፍ አሠራር ነው።

ጌሙ ሲጀመር ማሪዮ የተባለው ባለ ጺም ሰው በስክሪኑ ግራ በኩል ቆሞ ይታያል፤ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሯል። በስተቀኝ ያለው ሥፍራ ሰፊና ባዶ ነው። ወደ ግራ ለመሄድ የሚሞክር ተጫዋች በስክሪኑ ጠርዝ ይገታል፤ ወደ ቀኝ ሲሄድ ግን አገሩ እየተገለጠ ይመጣል። ስለዚህ «ወደ ቀኝ ሂድ» የሚል ጽሑፍ አያስፈልግም። ይህን ለማወቅ የሚፈጀው ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ነው።

ጥቂት እንደተራመደ ከላይ ተንሳፎ ብልጭ ድርግም የሚል ሳጥን ያያል። በሳጥኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አለ፤ ምልክቱን የማያውቅ ተጫዋችም ቢሆን ብልጭታውን ያያልና ሳጥኑ ከሌላው የተለየ መሆኑን ይረዳል። በዚያው ቅጽበት ከቀኝ በኩል ቡናማ መልክ ያለው፣ ቅንድቡን የቋጠረ ትንሽ ፍጥረት ወደ እርሱ ይመጣል። ፊቱ የተቆጣ ስለሆነ ወዳጅ አይመስልም። ምንም ሳያደርግ የቆመ ተጫዋች ፍጥረቱ ሲነካው ይሞታል፤ ወዲያውም ከመነሻው ይጀምራል። የጠፋበት የጥቂት ሰከንዶች መንገድ ብቻ ነው። በሁለተኛው ሙከራ ይዘላል። ሲዘል ወይ በፍጥረቱ ላይ ያርፍና ይጨፈልቀዋል፣ ወይም በራሱ ሳጥኑን ይመታና ሳንቲም ይወጣለታል። የትኛውም ቢሆን አንድ አዲስ ነገር ተምሯል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው እጅግ የታሰበበት ነው። ቀጥሎ ካሉት ሳጥኖች አንዱ ሲመታ እንጉዳይ ይወጣል። እንጉዳዩ ለማሪዮ የሚጠቅመው ነው፤ ሲነካው ቁመቱ ያድጋል። ችግሩ ቅርጹ ቅድም ከገደለው ቡናማ ፍጥረት ጋር መመሳሰሉ ነው፤ ስለዚህ ጀማሪው ሊሸሸው ይችላል። ሚያሞቶ ይህን እንዴት እንደፈቱት ከዓመታት በኋላ በሰጡት ቃለ ምልልስ አብራርተዋል። እንጉዳዩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ በዚያ የቆመው አረንጓዴ ቱቦ ያግደውና አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ማሪዮ ይመለሳል። ተጫዋቹ ደንግጦ በላዩ ሊዘል ቢሞክር ከላይ ያሉት ሳጥኖች ራሱን መትተው ወደ ታች ይመልሱታል፤ እንጉዳዩ ላይም ያርፋል። ሊሸሸው የፈለገው ነገር ሲያሳድገው ያያል። ከዚያ ወዲያ እንጉዳይ ጠላት አለመሆኑን ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ቱቦዎቹም ሥራ አላቸው። የመጀመሪያው አጭር ነው፤ ሁለተኛው ከፍ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ይብሳል። የመዝለያው ቁልፍ በረዥሙ ሲጫን ዝላዩ ከፍ እንደሚል ተጫዋቹ የሚያውቀው በአጭሩ ጫን ብሎ ረጅሙን ቱቦ መሻገር ሲያቅተው ነው። ቱቦው አይገድለውም፤ ያቆመዋል ብቻ። በምዕራፉ መጨረሻ አካባቢም ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የደረጃ ክምሮች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ደልዳላ መሬት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሊዘል ሞክሮ የሚወድቅ ሰው አይጎዳም። ትንሽ አለፍ ብሎ ተመሳሳይ ክምሮች እንደገና ይመጣሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን በመካከላቸው ገደል አለ። ያው ዝላይ መጀመሪያ ያለ አደጋ ይለመዳል፣ ቀጥሎ በአደጋ ይፈተናል።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ሦስት ነገር ማውጣት ይቻላል። አንደኛው፣ የሚሄዱበት አቅጣጫ ወይም የሚፈለገው ግብ በዓይን ይታያል። ሁለተኛው፣ ስሕተት ወዲያው ይታወቃል፣ ቅጣቱም ቀላል ነው። ሦስተኛው፣ አዲስ ነገር የሚመጣው አንድ በአንድ ነው። ከሦስቱ ሚዛን የሚደፋው ሁለተኛው ይመስላል። ማንበብ የማይችል ተጫዋች የሚማረው ከስሕተቱ ነውና ስሕተቱ ግማሽ ሰዓት የሚያስከፍለው ከሆነ፣ ወይም የተሳሳተበት ምክንያት ካልታየው፣ ጌሙ አንድም ቃል ባይኖረው እንኳ ለእርሱ የተዘጋ በር ነው።

ይህ ለሩጫና ለዝላይ ይሠራል፤ ታሪክ ያለው ጌምስ ያለ ቃል ሊገባ ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ ግን ይነሳል። ይችላል። ማሺናሪየም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጌሙን የሠራው አማኒታ ዲዛይን የተባለ የቼክ ሪፐብሊክ ቡድን ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ በ2009 ነው፤ በኋላም በአንድሮይድ ስልክ የሚሠራ ሆኗል። ዋና ባለታሪኩ ከከተማ ውጪ ቁርጥራጭ ብረት በሚጣልበት ክምር ላይ የተወረወረ ትንሽ ሮቦት ነው። መጀመሪያ ላይ የጣት አጠቃቀምን ከሚያሳዩ ጥቂት ማስታወሻዎች በቀር በጌሙ ውስጥ የሚነበብም ሆነ የሚሰማ ንግግር የለም። ሮቦቶቹ ሲነጋገሩ ከራሳቸው በላይ እንደ ደመና ያለ ክብ ይወጣል፤ በውስጡም የሚያስቡት ነገር በሚንቀሳቀስ ሥዕል ይታያል።

የከተማው በር ላይ ያለውን እንቆቅልሽ እንመልከት። ሮቦቱ አካሉን ከክምሩ ውስጥ ለቃቅሞ ከገጣጠመ በኋላ ወደ ከተማው ድልድይ ይደርሳል። ዘበኛው አያስገባውም። ነገር ግን ሌላ ሮቦት ሲመጣ ድልድዩ ይወርድለታል፤ ያ ሮቦት በራሱ ላይ ሰማያዊ ሾጣጣ ቆብ ደፍቷል፣ በጫፉም መብራት አለው። ተጫዋቹ ዙሪያውን ሲያይ በመንገድ ሥራ ላይ የሚቆመውን ዓይነት ሾጣጣ ምልክት ያገኛል፤ ቀለሙ ግን ሌላ ነው። ሰማያዊ ቀለም ያለበት ዕቃና አምፖልም አለ። ሾጣጣውን ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ አምፖል ሰክቶ፣ በራሱ ላይ ደፍቶ ሲቀርብ ዘበኛው ከባልደረቦቹ አንዱ መስሎት ያሳልፈዋል። «መስለህ ግባ» የሚለው ሐሳብ ያለ አንዲት ቃል ተላልፏል። ተጫዋቹ ደግሞ ነገሩን ተነግሮት ሳይሆን ራሱ አግኝቶት ነው ያለፈው።

መንገዱ የጠፋበት ሰውም አልተረሳም። በስክሪኑ ላይ ያለው የአምፖል ሥዕል ሲነካ ሮቦቱ ራሱ በሐሳብ ክብ ውስጥ የዚያን ሥፍራ ግብ ያሳያል። ከዚያ በላይ እርዳታ የሚሻ ሰው የተቆለፈ መጽሐፍ አለለት፤ መጽሐፉ የሚከፈተው አጭር የሸረሪት ማጥፊያ ጨዋታ ካሸነፈ ነው፤ በውስጡም ሙሉ መፍትሔው እንደ ካርቱን በሥዕል ተዘርግቷል። መክፈቻው ጥቂት አድካሚ መሆኑ ተጫዋቹ በየደቂቃው ወደ መልሱ እንዳይሮጥ ያደርገዋል።

የማሺናሪየም ደካማ ጎን ትዕግሥት መጠየቁ ነው። ሮቦቱ መንካት የሚችለው በአጠገቡ ያለውን ነገር ብቻ ስለሆነ፣ ራቅ ያለ ዕቃን ነክቶ መልስ ያጣ ሰው ዕቃው የማይሠራ ይመስለዋል። እንዲሁም ሮቦቱ ቁመቱን ማስረዘምና ማሳጠር ይችላል፤ ይህን መጀመሪያ ላይ ያላስተዋለ ተጫዋች ከፍ ያለ ነገር እንዴት እንደሚደረስበት ግራ ይገባዋል። የማይናገር ጌም የሚያስቸግረው በዚህ ነው፤ አንድ ነገር ካመለጠ ተመልሶ የሚነበብ መመሪያ የለም። ስለዚህ ሲጀመር በነበሩት ጥቂት ደቂቃዎች ላይ አለመቸኮል፣ ጣት በሚደርስበት ሁሉ ሞክሮ የሚሆነውን መመልከት ይበጃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ ጌም ለሚሞክር አዋቂ ሰው፣ ለምሳሌ ማታ ከሥራ ሲገባ የልጁን ስልክ ለሚቀበል አርሶ አደር፣ ከታሪክ ይልቅ የቁጥር ጌም ይቀላል። 2048 የተባለውን ጋብሪኤሌ ቺሩሊ የተባለ ጣሊያናዊ ወጣት እ.ኤ.አ በ2014 ሠርቶ በነጻ ለቀቀው። ሰሌዳው በአራት ረድፍና በአራት ዓምድ የተከፈለ ነው፤ በጠቅላላው 16 ቤት አለው። ጣትን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያንሸራትቱ በሰሌዳው ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ወደዚያው ይሄዳሉ። ሁለት ተመሳሳይ ቁጥሮች ሲጋጠሙ ይደመራሉ፤ 2 እና 2 አራት ይሆናሉ፣ 4 እና 4 ስምንት ይሆናሉ። ከእያንዳንዱ ማንሸራተት በኋላ በባዶ ቤት ላይ አንድ አዲስ 2 ወይም 4 ይወጣል። ሰሌዳው ሞልቶ የሚጋጠም ቁጥር ሲጠፋ ጨዋታው ያበቃል። ግቡ 2048 ላይ መድረስ ነው።

ይህን ሁሉ ያነበበው አንባቢ የተረዳውን፣ ያላነበበው ሰው ከአሥር ማንሸራተት በኋላ ይደርስበታል። ቁጥር የገበያ ቋንቋ ስለሆነ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰውም በቀላሉ ይለየዋል። የሚሸነፍበትም ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ትልቁን ቁጥር መሐል ሰሌዳ ላይ ይተወውና ትናንሾቹ ይከቡታል። ትልቁን ቁጥር በአንድ ማዕዘን አስቀምጦ ከዚያ ላለማንቀሳቀስ የሚጠነቀቅ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ይህንንም ቢሆን ሁለት ሦስት ጊዜ የተሸነፈ ሰው ራሱ ይደርስበታል።

ሥዕል ሁሉ ግን ለሁሉም አንድ ትርጉም አይሰጥም፤ ጌም ሠሪዎችም በዚህ ይሳሳታሉ። በፕሌይስቴሽን መጫወቻ ላይ ያሉት የክብና የመስቀል ምልክቶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በጃፓን ክብ «አዎ፣ ልክ ነው» ማለት ስለሆነ መቀበያው ክቡ፣ መሰረዣው መስቀሉ ነበር። በአሜሪካና በአውሮፓ በተሸጡት ጌሞች ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ ቆየ፤ አንድ ዓይነት ሥርዓት የሆነው እ.ኤ.አ በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ ነው። በአንድ ዕቃ ላይ ያሉ ሁለት ቀላል ምልክቶች በሁለት አገር ተቃራኒ ትርጉም ከነበራቸው፣ የማስቀመጫ ምልክት ተብሎ የሚሣለው አሮጌ የኮምፒውተር ዲስክ ዲስኩን አይቶ ለማያውቅ ወጣት ምን ሊነግረው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የጥርስ ብረት ሥዕል ማስተካከያ ማለት መሆኑም በልምድ የሚታወቅ እንጂ ከሥዕሉ የሚገኝ አይደለም።

በፕሌይስቴሽን ቤት ያሉት ልጆችም ቢሆኑ ዝርዝሩን አንብበው አይደለም የሚያልፉት፤ «ሁለቴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ተጫን» እያሉ ቦታውን ሸምድደውታል። አዲስ ዓመት ቅጂ ገብቶ ዝርዝሩ ሲቀየር ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ወላጆች አንዳንድ ጊዜ ልጃቸው በጌም እንግሊዝኛ እየተማረ እንደሆነ ያስባሉ። ጥቂት ቃል መልመዱ አይቀርም፤ ቦታ መሸምደድና ቃል ማወቅ ግን የተለያዩ ናቸው።

ጌም መምረጥ ላይ ሲደረስ፣ ዳታ ከማውጣት በፊት ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል። በፕሌይ ስቶር በእያንዳንዱ ጌም ገጽ ላይ ከጌሙ ውስጥ የተወሰዱ ፎቶዎች ይደረደራሉ። እነዚህን ወደ ጎን እያንሸራተቱ መመልከት ነው። ከፎቶዎቹ በግርጌያቸው የጽሑፍ ሳጥን ያለባቸው ከበዙ፣ በሳጥኑም አጠገብ የሚናገር ሰው ፊት ከተሣለ፣ ጌሙ በንግግር የሚመራ ነው። ለማስዋብ ከላይ በትልቁ የሚጻፍ መፈክር አያሳስብም፤ እርሱ የማስታወቂያ ጽሑፍ እንጂ የጌሙ አካል አይደለም። የስልኩ ቋንቋ ወደ አማርኛ ቢቀየር የመደብሩ ጽሑፍ በአብዛኛው አማርኛ ይሆናል፤ የጌሙ የውስጥ ጽሑፍ ግን በዚህ አይለወጥም። ይህን ሳያውቁ አማርኛ ገጽ አይተው የሚያወርዱ ሰዎች ይታለላሉ።

ካወረዱ በኋላ ያሉት አምስት ደቂቃዎች ወሳኝ ናቸው። ጌሙ በየጊዜው እየቆመ የጽሑፍ ሳጥን የሚያወጣ፣ ሳጥኑም ካልተነካ የማይሄድ ከሆነ፣ ተጫዋቹ ያላነበበው ነገር እየተከማቸበት ነው። በሌላ በኩል አንድ እጅ ምስል ብቅ ብሎ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ካሳየ፣ ሳይታዘዙ ቢቀሩም የሚሆነው ነገር በዓይን ከታየ፣ ጌሙ ያለ ንባብ ይሄዳል። ሌላው መፈተኛ ሆን ብሎ መሳሳት ነው። ተሳስተው የተሸነፉበት ምክንያት ከገባዎት ጥሩ ነው፤ ስክሪኑ በድንገት ተዘግቶ ጽሑፍ ብቻ ከወጣ ግን ያ ጽሑፍ ማወቅ ያለብዎትን ነገር ይዞ አልፏል።

ያለ ቃል የሚገባ ጌም እንኳ ቃል የማያጣበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ገንዘብና ማስታወቂያ ነው። አንባቢ ባልሆነ ሰው ላይ ጉዳት የሚደርሰውም በጨዋታው ሳይሆን በዚህ ነው። በመደብሩ ገጽ ላይ ከጌሙ ስም ሥር Contains ads የሚል ካለ ጌሙ ማስታወቂያ ያሳያል፤ In-app purchases የሚል ካለ በውስጡ የሚሸጥ ነገር አለ። ሁለቱም ከሌሉ ሐሳብ ይቀላል። በቅድሚያ የሚገዙ ጌሞች ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጣጣ ነጻ ናቸው፤ ክፍያው ራሱ ግን ለብዙ የአገራችን ሰው ቀላል አይደለም።

በነጻ ጌሞች ላይ ማስታወቂያው የሚመጣው ተጫዋቹ ሲሸነፍ ወይም ደረጃ ሲጨርስ ነው። በስክሪኑ ማዕዘን ላይ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሲያልቅ ትንሽ የመስቀል ምልክት ይወጣል። መንካት ያለበት ያችን ብቻ ነው። በመሐል ያለው ትልቅና ባለቀለም ቁልፍ ወደ ሌላ ጌም ማውረጃ ይወስዳል፤ ልጆች የሚነኩት ደግሞ ሁልጊዜ ትልቁን ነው። በዚህ መንገድ ያልተፈለገ ጌም ወርዶ የሳምንት ዳታ በአንድ ምሽት ሊያልቅ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጌሙ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ ከመጀመሩ በፊት ዳታ ማጥፋት፣ ወይም ስልኩን በአውሮፕላን ሁኔታ ላይ ማድረግ። 2048 ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ማሺናሪየምም እንዲሁ። ዳታ ሲጠፋ አልከፈትም የሚል ጌም ከኢንተርኔት ጋር የተሳሰረ ነውና ለልጅ ከመስጠት በፊት ማሰብ ይገባል። በተጨማሪም አንድ የሰሌዳ ጌም የጽሑፍ መልእክት ለመላክ ወይም የስልክ ጥሪ ለማድረግ ፈቃድ ከጠየቀ መከልከል ያስፈልጋል፤ ቁጥር ለመደመር መልእክት መላክ አያስፈልገውም።

ግዢን በተመለከተ ከስልኩ አካውንት ጋር የክፍያ መንገድ ካልተያያዘ በስሕተት ቢነካም ገንዘብ አይሄድም። ዘመድ ከውጭ አገር የላከው፣ ቀድሞ የሌላ ሰው አካውንት የገባበት ስልክ ግን የተለየ ነው። የቀድሞው ባለቤት ካርድ ገና ተያይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ልጁ በጌሙ ውስጥ ያለውን የሣጥን ወርቅ ሥዕል ሲነካ ሒሳቡ የሚወጣው ከዚያ ዘመድ ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ለልጅ ከመሰጠቱ በፊት አካውንቱ ወጥቶ አዲስ መከፈት አለበት።

በመጨረሻ የሚቀሩት በመልካቸው ቢታወቁ የሚጠቅሙ ጥቂት ቃላት ናቸው። በጌም መክፈቻ ላይ Continue እና New Game አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረው ይታያሉ። የመጀመሪያው ካቆሙበት ያስቀጥላል፤ ሁለተኛው እንደ አዲስ ያስጀምራል፣ በብዙ ጌሞችም የቀድሞውን ይሰርዛል። አንድ ወር የተደከመበት ጨዋታ በአንድ ንክኪ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ለመለየት ማንበብ አያስፈልግም፤ New Game በሁለት ቃል የተከፈለ ሲሆን ሌላው አንድ ረዥም ቃል ነው። ባለ ሁለት ቃሉ በስሕተት ከተነካ ጌሙ አብዛኛውን ጊዜ Yes ወይም No ብሎ ይጠይቃል፤ ባለ ሁለት ፊደሉን No የሚነካ ሰው ወደነበረበት ይመለሳል።